ዐሥር ቀን የጠበቅነው ውሻ

ቁጡ መሆኔን ቡታጅራ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጤና ጣቢያችን ውስጥ ቁስል የሚታጠብበትን ክፍል ከያዝኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው “ዛሬ ያቺ የምትቆጣው ሲስተር ናት ያለችው?” ብለው ጠይቀው ነው የሚገቡት። አልክድም። ቁስሉን ሳምንት ሙሉ ደብቆ፣ ሲሸት ይዞት የሚመጣን ሰው ፈገግ ብዬ የምቀበልበት አንጀት የለኝም። ነገር ግን የተቆጣሁትን ሰው አልረሳም። ከሁሉም የማልረሳው አንድ ዕቃ አድራሽ አለ።

ሰውየውን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ለእናት ለአባታቸው የሚልኩት ዕቃ በሚኒባስ ይመጣና አንድ የዕቃ ማድረሻ ድርጅት ቢሮ ይራገፋል፤ እሱ ደግሞ በሞተር እየዞረ ያደርሳል። ከተማው ብቻ አይበቃውም፣ እስከ መስቃን ገጠር ድረስ ይዘልቃል። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። እኔም ራሴ እህቴ የላከችልኝን ጫማ ከእጁ ተቀብያለሁ።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት የራስ ቁሩን ሳያወልቅ እያነከሰ ገባ። የግራ እግሩ ሱሪ ከጉልበቱ በታች ተተርትሯል፣ ባቱ ላይ ጥለት ያለው የሴት ሻሽ ታስሯል።

“ውሻ ነው ሲስተር” አለኝ። “ቀላል ነው። መርፌዋን ወጋ ያድርጉኝና ልሂድ፣ ያላደረስኩት ዕቃ አለ።”

“ቀላልና ከባዱን የምለየው እኔ ነኝ። ተቀመጥ።”

ሻሹን ስፈታው ክፍሉ ፌጦ ፌጦ ሸተተ። የተወቀጠ ፌጦ በቅቤ ተለውሶ ቁስሉ ላይ ተለጥፏል። ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ።

“ይሄን ማነው ያደረገልህ?”

“እኔው ነኝ።”

“የት?”

“እዚያው መንገድ ላይ።”

“ፌጦና ቅቤ በሞተር ጭነህ ትዞራለህ ማለት ነው? ሙቀጫውስ የት አለ?”

አንገቱን ደፋ። እኔም ለጊዜው ተውኩት፤ ከጠያቂነት በፊት አጣቢነት ይቀድማል። ቧንቧው አጠገብ አስቀመጥኩት፣ እግሩን አስዘረጋሁትና ውኃውን ከፍቼ በሳሙና ማጠብ ጀመርኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየሁት፤ “ረጅሙ ዘንግ ከሁለት ቁጥር አምስት ቁጥር እስኪደርስ አንነሣም” አልኩት። ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ “ጠራ እኮ ሲስተር” ማለት ጀመረ። የሚታየው ቆሻሻ ጠርቶ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ግን በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ከምራቁ ጋር ቁስሉ ውስጥ ይገባና ይቀመጣል፣ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል መጓዝ ሳይጀምር የሚያጥበው ሳሙናና ውኃ ነው። ይህን ሁሉ እያጠብኩ ነገርኩት። ሰው እግሩ በእጄ ሲሆን ያዳምጠኛል።

ፌጦው ሲለቅ አራት ጥርስ የገባበት ቦታ ታየ። ሁለቱ ጫር ጫር ያደረጉ ናቸው፣ ሁለቱ ግን ጠልቀዋል። አዮዲን ቀባሁት፣ አልሰፋሁትም። “ክፍት ሆኖ ይቀራል እንዴ?” አለኝ ደንግጦ። የውሻን ንክሻ መስፋት ጠላትን ቤት ውስጥ ከትቶ በር መዝጋት ነው አልኩት። ላላ አድርጌ ሸፈንኩለትና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ወጋሁት። ከዚያ መዝገቡን ከፈትኩ።

መዝገባችን ብዙ ይጠይቃል። የተነከሰበት ቀንና ሰዓት፣ የትኛው የአካል ክፍል፣ ጥልቀቱ፣ እዚህ ከመምጣቱ በፊት ምን ተደረገለት። እዚያ ላይ ፌጦውን ጻፍኩ። ቀጥሎ ውሻው ይመጣል። ባለቤት አለው? ተከትቧል? ሰው ሲነካካው ነው የነከሰው ወይስ ዝም ብሎ ተነሥቶ? አሁን የት ነው ያለው? ከዚያ ደግሞ የተነከሰው ሰው ሥራ ላይ ነበር ወይ ይላል።

“ውሻው የማን ነው?”

“የማንም አይደለም። የመንገድ ውሻ ነው። አስፋልት ላይ መጥቶ ነከሰኝና ሮጠ።”

“እያየኸኝ ንገረኝ።”

አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ውሸት ሳይሆን ልመና ነበር። “እንዲያ ብለው ይጻፉልኝ ሲስተር። እንጀራዬ ነው።”

ቀስ ብሎ ነገረኝ፣ ግማሹን ብቻ። ድርጅታቸው ዕቃ አድራሽ ከደንበኛ በር እንዳያልፍ ከልክሏል። እኛ አገር ደግሞ ከልጅ የተላከ ነገር ይዞ የመጣን ሰው በር ላይ ተቀብሎ መሸኘት ነውር ነው። የመጣው ዕቃ ካልሲም ይሁን መድኃኒት፣ አድራሹ ገብቶ አንድ ነገር ካልቀመሰ ልጁን እንደ መናቅ ይቆጠራል። ቀድሞ የነበረ አንድ ባልደረባው በየቤቱ ሲበላ ሞተሩ ላይ ያለ ዕቃ ተሰርቋል፤ ክልከላው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እሱም አንዴ ገብቶ ተገኝቶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወስዷል። ሁለተኛ ከተገኘ መባረር ነው።

እኔ ቁጡዋ፣ ሐቅ ሐቅ የምለው፣ “ባለቤት የሌለው ውሻ፣ መንገድ ላይ” ብዬ ጻፍኩለት። አሳዘነኝ፣ ሌላ ሰበብ የለኝም። የሻሹን ጥለት እያየሁ፣ ፌጦውን እየሸተትኩ ጻፍኩ።

ከዚያ ስለ ክትባቱ ነገርኩት። ሲሰማ እጁ ሆዱ ላይ ሄደ። “ሆዴን ነው?” አለኝ። አባቱ ድሮ ሆዳቸውን በየቀኑ ሲወጉ አይቷል። “ያ ቀርቷል” አልኩት፣ “አሁን ክንድህ ላይ ነው። ዛሬ አንድ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሰባተኛው፣ በዐሥራ አራተኛውና በሃያ ስምንተኛው። አምስት ነው፣ አንዱንም አትዘልም። ቁስሉ ላይ ምንም አትቀባም። መድኃኒት አዋቂ ጋ ሄደህ ሥር አትጠጣም። ይሄ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድነው የለም፤ የሚያድነው ቀድሞ መከተብ ነው።” ጠልቆ ለተነከሰ ሰው ከክትባቱ ሌላ ክትባቱ እስኪሠራ የሚከላከል፣ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ሴረም አለ። እኛ ጋ አልነበረም። ሆስፒታል ደወልኩ፣ እዚያም የለም። አዲስ አበባ ያለች የድሮ ጓደኛዬን እንድታፈላልግ ለመንኳት። ይህንንም አልደበቅኩትም። ሰው የጎደለበትን ማወቅ አለበት።

“ለአሠሪህም ዛሬውኑ ማሳወቅ አለብህ። ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፣ ማስረጃ እጽፍልሃለሁ” አልኩት መጨረሻ ላይ።

ሌላውን ሁሉ እሺ ብሎ ነበር፤ የመጀመሪያውንም ክትባት ተወግቷል። እዚህ ላይ ሲደርስ የክትባት ካርዱን ኪሱ ከተተና “ወላሂ ዛሬ አልችልም” ብሎ ወጣ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይኼኛው ማደር እንኳ ብዙ አላስፈለገውም። በማግሥቱ ጠዋት ገና ጋዋኔን ስለብስ አንዲት አሮጊት ከባጃጅ ወርደው፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አቅፈው በሬ ላይ ቆሙ።

“ሲስተርዬ፣ ትናንት ውሻ የበላው ልጅ አለ?”

“የማን ውሻ እማማ?”

“የኔ ነዋ! አፈር ያስበላኝ!” ብለው አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ።

ያልጠየቅኳቸውን ሁሉ ነገሩኝ። ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው በየወሩ የደም ግፊት መድኃኒት ይልክላቸዋል፣ የሚያደርስላቸውም ያ ሰው ነው። “በዚያ ፀሐይ ለኔ ዕድሜ ይዞ መጥቶ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ይመለስ?” አሉኝ፣ እኔ ከልካይ ሆኜ የቆምኩ ይመስል። ሙስሊም መሆኑን ስለሚያውቁ ሥጋ አላቀረቡም፤ ለሙስሊም እንግዳ ለብቻ ባስቀመጡት ሳህን ጎመንና አይብ አድርገው፣ ቆጮውን አሙቀው ጠብቀውታል። እሱ ዕቃውን በር ላይ ሰጥቶ ሊመለስ ሲል እጅጌውን ያዙት።

“‘አፈር ስሆን ግባ’ አልኩት። ‘ተዉኝ እማማ፣ አይፈቀድልንም’ አለኝ። ‘በሞቴ’ አልኩት። እኔ ስጎትት፣ እሱ ሲጎትት፣ ድምፃችን ከፍ አለ። ያ ውሻ በሩ ሥር ተኝቶ ነበር። ሰውየው እኔን የሚጎዳኝ መሰለው መሰለኝ ሲስተርዬ። ከዚያ በፊት ሰው ነክሶ አያውቅም፣ በእመቤቴ።”

ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠይቅ የኖርኩት “ሲነካካው ነው ወይስ ዝም ብሎ ተነሥቶ” የሚለው ጥያቄ እንዲህ ያለ መልስ አጋጥሞት አያውቅም። ውሻው አላበደም ይሆናል፤ አሳዳሪውን የተጣላቸው መስሎት ነው። ይህ ደግሞ ለሰውየው ትልቅ ዜና ነው፣ ውሻውን ማየት ከቻልን።

“ውሻው አሁን የት ነው?”

“ታስሯል። ጎረቤቴ ገጀራ ይዞ አጠገቡ ቆሟል።”

“ለምን?”

“ውሻው ከሞተ ልጁ ይተርፋል አሉኝ። እኔም ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ከስምንት ዓመት በላይ አብሮኝ የኖረ ውሻ ነው፣ ከሱ ሌላ ቤቴ ውስጥ የሚተነፍስ የለም። ግን ሰው ይበልጣል። ‘ልጁን አይቼው ልምጣ፣ እስከ ሦስት ሰዓት ካልተመለስኩ ግደለው’ ብዬው መጣሁ።” እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

ሰዓቱን አየሁ። ለሦስት ሩብ ጉዳይ።

“ጎረቤትዎ ስልክ አለው?”

“አለው፤ ቁጥሩን ግን እኔ ምን አውቄ።”

አብራኝ የምትሠራውን ነርስ “ክፍሉን ያዢልኝ” ብያት ጋዋኔን እንደለበስኩ አሮጊቷን ክንዳቸውን ይዤ ወጣሁ። ያመጣቸው ባጃጅ አልሄደም ነበር። መንገዱ ላይ ነገርኳቸው፤ መንገር እንኳ አይባልም፣ ጮኽኩባቸው። ውሻው ከሞተ እውነቱም አብሮ ይሞታል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ጭንቅላቱን ቆርጦ በበረዶ አዲስ አበባ ላብራቶሪ መላክ ነው። በሕይወት ካለ ግን ራሱ ይናገራል። የነከሰ ጊዜ በሽታው ምራቁ ውስጥ ከነበረ ዐሥር ቀን ሳይሞላው ይታመማል፣ ይሞታልም። ዐሥር ቀን ደህና ከሆነ ሰውየው ከዚያ ንክሻ በሽታው አልያዘውም ማለት ነው። “መግደል አይደለም እማማ፣ እንደ ልጅ ነው የምንጠብቀው!” ስላቸው የባጃጁ ነጂ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

ስንደርስ ጎረቤትየው፣ ሽበታም ገበሬ፣ ገጀራውን እንሰቱ ሥር አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቡናማው ውሻ ግንድ ላይ ታስሮ ዳቦ ይበላል።

“እንዳትነካው!” አልኩ ከባጃጁ ሳልወርድ።

“እኔስ መች ፈለግኩ?” አለኝ ተነሥቶ። “እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ። የሞት ፍርደኛ ነው ብዬ ዳቦ ሰጠሁት።”

ዳቦውን በእጁ እንዳልሰጠ አረጋገጥኩ። በሁለት ገመድ እንዲታሰር፣ ማንም እንዳይጠጋው፣ ምግብና ውኃው በእንጨት እየተገፋ እንዲሰጠው አዘዝኩ። መብላት መጠጣት ካቆመ፣ ድምፁ ከሻከረ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ያገኘውን መንከስ ከጀመረ፣ ወይም እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ በዚያው ደቂቃ ይደወልልኝ አልኩ። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ከሰዓት በኋላ መጥቶ አየው፤ ክትባት የለውም፣ ለጊዜው ግን ጤነኛ ነው አለ። ስልክ ቁጥሬን ለጎረቤትየው ሰጥቼ ተመለስኩ።

ተመልሼ መዝገቤን ስከፍት አፈርኩ። ትናንት የጻፍኩት “ባለቤት የሌለው” የሚለው ቃል በሪፖርት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሰፈር ውስጥ ያለ ውሻ ሁሉ በማጥፋት ዘመቻ መርዝ ይበላ ነበር፣ ትክክለኛው ውሻ ደግሞ በገጀራ ይሞት ነበር፣ ሰውየው ደግሞ ያለ ሴረም በስጋት ይኖር ነበር። ለእንጀራው ብዬ ያደረግኩለት ደግነት ነፍሱን ሊያስከፍለው ነበር። በአንድ መስመር ሰረዝኩት፣ የተሰረዘው እንዲነበብ አድርጌ፣ ከጎኑ ትክክለኛውን ጻፍኩና ፈረምኩ። ቀኑንም ጨመርኩበት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው ለሁለተኛው ክትባት ሲመጣ አሮጊቷ ትተውለት የሄዱት ቆጮ ከአግዳሚው አጠገብ ጠበቀው። አየውና ሁሉም እንደታወቀ ገባው።

“ውሻውን ገደሉት?” ነበር መጀመሪያ ያለው። “ለዚህ ነበር እኮ የደበቅኩት። ስለ ሥራዬ ብቻ አልነበረም። እሳቸው ካለዚያ ውሻ ምንም የላቸውም።”

ክንዱን እየወጋሁ ከልቤ ወደድኩት፣ ቁጣዬንም አልቀነስኩም። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? አንተ ብትሞት ሴትየዋ በውሻቸው ሊጽናኑ ነው?” ከዚያ ረጋ ብዬ ነገርኩት። ያለ እሱ ፈቃድ ለአሠሪው የምናገረው ነገር የለም። ግን ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ ነው፣ ቢሮው ማወቅ አለበት፤ ሕክምናውም የነሱ ኃላፊነት ነው፣ ለክትባት ቀናቱም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ነገ ሌላ አድራሽ እዚያው በር ላይ ሊነከስ ይችላል። የክትባት ካርዱን አውጥቶ አገላበጠ። በመጨረሻ “እንደሆነው ይጻፉት” አለኝ፣ “እኔ ግን ሲያነቡት ማየት አልችልም፤ እርስዎ ይንገሯቸው።”

ማስረጃውን ጻፍኩና ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ወልቂጤ ያደገ፣ ቁም ነገረኛ ሰው። የጉዳት ማሳወቂያ ቅጹን ይዞ ነበር፤ ከኔ ወረቀት እያየ መሙላት ጀመረ። ቀን፣ ሰዓት፣ የተደረገለት የመጀመሪያ እርዳታ፣ የተሰጠው የክትባት ቀጠሮ። “ቦታ” የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

“ውስጥ ነው ውጭ?”

“በሩ ላይ።”

“በሩ ላይ ማለት?”

“አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ውስጥ።”

“የተነከሰው የትኛው ነው?”

“የግራው፤ ውስጥ ያለው።”

ቀጥሎ ያለውን አነበበ፤ “ደንበኛዋ ለምሳ ሲጎትቷቸው፣ ሠራተኛው አልገባም ብለው ሲታገሉ፣ ውሻው ጠብ መስሎት።” ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱን ማንበብ አቃተኝ።

“በሞቴ ብለውታል?” አለኝ።

“ብለውታል። አፈር ስሆንም ብለውታል።”

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። “እናቴ የዕቃ አድራሾቼን እጅጌ ሁለት ጊዜ ቀዳለች” አለና ሳቀ። እኔም የያዝኩት ሳቅ ሁሉ አብሮ ወጣ። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ተመለሰ፤ አልገባም ብሎ የታገለን ሰው በመግባት አልከሰውም አለ። ቅጹ ላይ “ደንቡን ለመጠበቅ ሲከላከል” ብሎ ጻፈ፣ ለክትባት ቀናቱ ፈቃድ ሰጠ፣ ግልባጩን ለኔ ተወ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቢሯቸው ዕቃ ከመላኩ በፊት “ውሻ ካለዎት ያስሩ” ብሎ ይደውላል። ምሳውን በተመለከተ ግን ምንም ማድረግ አልቻለም።

ጎረቤትየው በየጠዋቱ ይደውልልኝ ነበር። “በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ጮኋል” ይለኛል፣ እኔም መዝገቤ ላይ እጽፋለሁ። ሴረሙ አልተገኘም። ክትባቱ ከተጀመረ ሰባት ቀን ካለፈ ደግሞ ቢገኝም አይሰጥም። ስለዚህ የቀረን ያ ውሻ ብቻ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ሰውየው ለሦስተኛው ክትባት መጣ። ከስቷል። ዓይኖቹ ገብተዋል። “ትበላለህ?” አልኩት። “እበላለሁ፣ ለብቻዬ።” ነገሩ አላማረኝም፣ ይዤ ጠየቅኩት። ቤት ውስጥ ሳህኑን ለይቷል፣ ብርጭቆውን ለይቷል። የሚተኛው ሳሎን ነው። አፀደ ሕፃናት የገባች የአምስት ዓመት ልጅ አለችው፤ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት የሚያመጣት እሱ ነው፣ በር ላይ ስታየው ሮጣ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። ከተነከሰ ጀምሮ በሁለት እጁ ይዞ ያርቃታል። “አባቴ ተቆጥቶኛል ብላ ለእናቷ ነግራታለች” አለኝ። “ብስማት ይተላለፍባታል ብዬ ነው።”

ስለ ፌጦ ነግሬዋለሁ፣ ስለ ሴረም፣ ስለ አሠሪ፣ ስለ ሃያ ስምንተኛው ቀን። የፈራው ነገር ምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ከመዝገቡ ዓምዶች መካከል እንዲህ የሚል የለም፤ እኔም መዝገቡ ያልጠየቀኝን አልጠየቅኩም። “ጤነኛ ነህ” አልኩት፣ “በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ ልጅ በመሳም የሚተላለፍ ነገር የለብህም። ዛሬውኑ ሳማት።” ራሱን ነቀነቀ፣ ግን እንዳላመነኝ አየሁ። “ውሻው ይጨርስ” አለኝ። “ዐሥሩ ቀን ይሙላ።” ሲወጣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ በራሴ ተናድጄ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ። “አልበላም” አለኝ ጎረቤትየው። “ተኝቷል፣ ዳቦውን ዞር ብሎም አላየውም።”

የእንስሳት ሐኪሙን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሐኪሙ ራቅ ብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ውኃ አስገፋለት፣ ውሻው ጠጣ። ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ጭራውን ቆላ። ሆዱ ግን እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

“ምን እያበሉት ነው?” አለ ሐኪሙ።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። “እንዳይሞትብኝ ብዬ…”

“ምን?”

“ትናንት ክትፎ። በቅቤ። ከትናንት ወዲያም።”

ሐኪሙ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ እንሰቱ ዞረ። እኔ ግን ጮኽኩ፣ እንደዚያን ቀን ጮኼ አላውቅም። አሮጊቷ እየተቆጣኋቸው እጄን ይዘው ሳሙኝ። አንድ ቀን ውኃ ብቻ፣ ከዚያ ደረቅ ቆጮ ተባለ። በማግሥቱ “በላ” ተባልኩ። ጎረቤትየው ቃሉን በጣም ጮክ ብሎ ነው የተናገረው።

በዐሥረኛው ቀን ሐኪሙ አይቶት ሲመለስ ወረቀቱን ራሱ አመጣልኝ። ሰውየውን አስጠርቼው ነበር፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የራስ ቁሩን ጭኑ ላይ ይዟል። መዝገቡን ከፈትኩና ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ “ውሻው ዐሥር ቀን ሙሉ ተጠብቋል፤ በሕይወት አለ፤ ጤነኛ ነው። የቀሩት ሁለት ክትባቶች አያስፈልጉም።”

ደስ ይለዋል፣ ይስቃል፣ “አልሐምዱሊላህ” ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ውኃ ጠየቀኝ። ውኃ ሰጠሁት። ጠጣና ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

“ስንት ሰዓት ነው ያ ሲስተር? ስድስት ሊል ነው?”

“ዐሥር ደቂቃ ይቀረዋል።”

“ልሂድ በቃ” አለኝ፣ ፊቱ በእንባ ርሶ። “ከክፍል ሳትወጣ ልድረስላት።”